ሦስት ደቂቃ ለ18 እንግዳ

አንድ ወዳጄ ቡና ላኪ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ አንዳንዴም ሁለቴ፣ በቡና ሥራ ዙሪያ የሚውሉ ሰዎችን ቦሌ ያለው ቢሮው ሰገነት ላይ ይሰበስባል። አቅራቢ፣ ቀማሽ፣ ቡና የሚቆላ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ትራንዚተር፣ አንዳንዴም የግብርና ባለሙያ ይመጣል። ስብሰባ አይደለም፤ አጀንዳም ቃለ ጉባኤም የለውም። ሰዎቹ ተዋውቀው እንዲሄዱ ብቻ ነው የሚፈልገው።

የመጀመሪያው ዓመት ምሽት ከሽፎበት ነበር። የድርጅቱን ታሪክ ከምሥረታው ጀምሮ ተረከ፣ ለረዱት ሁሉ ምስጋና አቀረበ፣ በመጨረሻም ሁላችንም የምናውቃትን ዓረፍተ ነገር ተናገረ፦ «እስቲ አሁን በየተራ ራሳችሁን አስተዋውቁ።» ሦስተኛው እንግዳ አራት ደቂቃ ወሰደ። ዘጠነኛዋ ላይ ሲደርስ ግማሹ ሰው ስልኩን ይነካካ ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን ዝም ብሎ የሚያዳምጥ የሚመስለውም ሰው አለማዳመጡ ነው፤ ተራው እስኪደርስ የራሱን ንግግር በሆዱ እያዘጋጀ ነበር። ማልኮም ብሬነር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ይህንኑ በሙከራ አሳይቷል፦ ሰዎች በየተራ ጮክ ብለው ሲያነቡ፣ እያንዳንዱ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚረሳው ከእሱ ተራ ልክ በፊት የተነበበውን ነው። እንግዲህ ሁለት ጎን ለጎን የተቀመጡ እንግዶች እንዲተዋወቁ የታሰበው ዘዴ፣ አንዱ የሌላውን ስም እንዳይሰማ ያደርጋል ማለት ነው።

«ዝም ብለህ ምግቡን አቅርብ፣ ሰው በራሱ ይግባባል» ያሉትም ነበሩ። ይህም አያስኬድም። ፖል ኢንግራምና ማይክል ሞሪስ የተባሉ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ መቶ የሚጠጉ የንግድ ሰዎች የተገኙበትን እንዲህ ያለ ምሽት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2007 አሳትመዋል። እንግዶቹ ደረታቸው ላይ ከማን ጋር እንደቆሙ የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ አንጠልጥለው ነበር። አብዛኞቹ ከመምጣታቸው በፊት ሲጠየቁ አዲስ ሰው ለመተዋወቅ እንደሚመጡ ተናግረዋል፤ መሣሪያው የመዘገበው ግን ይበልጥ ወደ ድሮ ወዳጆቻቸው ማዘንበላቸውን ነው። የማያውቁት ሰው ጋ ለመሄድ ምክንያት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱን ሊሰጥ የሚችለው ደግሞ ሁለቱንም የሚያውቀው ጋባዥ ነው።

ወዳጄ ባለፈው ዓመት 18 ሰዎች ጠራ። ንግግሩ የተጀመረው ከምሽቱ ሁለት ቀን በፊት፣ በስልክ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ደውሎ ሁለት ነገር ጠየቀ፦ አሁን በእጅህ ያለው፣ እንቅልፍ የሚነሳህ ሥራ ምንድን ነው? ሰው ፊት ባላነሳው የምትመርጠው ነገርስ አለ?

ሁለተኛው ጥያቄ እንደ ትርፍ እንዳይታይ። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት በጋበዝኩት ምሽት አንድን ወጣት የሒሳብ ባለሙያ «ጎበዝ ነው፣ አዲስ ሥራ እየፈለገ ነው» ብዬ አስተዋወቅሁ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። የአለቃው የሚስት ወንድም ከኋላዬ ቆሞ እንደነበር ያወቅሁት የልጁ ፊት ሲለዋወጥ አይቼ ነው።

እንግዶቹ ለ12 ሰዓት ቢጠሩም፣ እንደተለመደው፣ 1 ሰዓት ሲሆን የደረሱት 16 ነበሩ። ወዳጄ ከዚያ በላይ አልጠበቀም። ምግብ ከቀረበ በኋላ መናገር አይቻልም፤ ሰው አንድ እጁ ሳህን ላይ፣ ሌላው ጉርሻ ላይ ይሆናል። ሙዚቃውን አስጠፍቶ፣ ወንበር ላይ ሳይወጣ፣ ማይክ ሳይዝ ጀመረ። ስማቸውን ትቼ አነጋገሩን ላስፍረው፦

«እንደምን አመሻችሁ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ምግቡ ደርሷል፤ ሦስት ደቂቃ ብቻ ታገሡኝ። ከበሩ በኩል ነው የምጀምረው፤ ቅደም ተከተሉ የማዕረግ አይደለም። ጋሼ ከጌዴኦ ነው የመጡት፤ ከገበሬ ቡና እየተረከቡ ያቀርባሉ። ዘንድሮ ያስቸገራቸው የእያንዳንዱን ገበሬ ማሳ በካርታ ላይ ማስፈር ነው። እዚያ መስኮቱ ሥር የቆመው ወንድማችን ደግሞ ይህንኑ ሥራ ጅማ በኩል በስልክ ብቻ ሠርቶታል። ጋሼ፣ ስልኩ አልሠራ ያለው የት ላይ እንደሆነ ይጠይቁት።»

ለሌሎች አንባቢዎች ላብራራ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ መሠረት ወደዚያ የሚገባ ቡና ደን ተመንጥሮ ከተተከለ መሬት አለመምጣቱ መረጋገጥ አለበት፤ ለዚህም የበቀለበት ማሳ የት እንደሆነ በትክክል መታወቅ ይኖርበታል። ጓሮው ውስጥ ቡና የተከለ ገበሬ ብዙ በሆነበት አገር ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ሽማግሌውና ወጣቱ በአንድ ሰገነት ላይ ቢያመሹም፣ አንዱ ነጋዴ ሌላው የኮምፒውተር ሰው ስለሆነ፣ በራሳቸው የሚገናኙበት መንገድ አልነበረም።

ንግግሩን ልብ ብላችሁ እዩት። የትምህርት ደረጃ የለም፣ የሥራ መደብ የለም፣ «ታዋቂው» የሚል ቅጽል የለም። ያለው ሰውየው ከየት እንደመጣ፣ አሁን ምን እንደያዘው፣ ከዚያም ሄዶ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። የመጨረሻው ዋነኛው ነው። «ተዋወቁ» የተባለ ሰው እጅ ነስቶ ስም ይለዋወጥና ዝም ይላል፤ ጥያቄ የተሰጠው ሰው ግን ወሬውን ይዞ ይሄዳል።

እንዲህ ሁለት ሁለቱን እያጣመረ ቀጠለ። 18 ሰው ዘጠኝ ጥንድ ነው፤ ለአንድ ጥንድ 20 ሰከንድ ቢሰጥ ድምሩ ሦስት ደቂቃ። በእርግጥ አራት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው የጨረሰው፤ ማንም አላማረረም። ማንንም አለመዝለሉን ግን ተጠንቅቆበታል። እኛ ዘንድ ስሙ ሳይጠራ የቀረ እንግዳ ቂሙን ቤቱ ድረስ ይዞት ይሄዳል። ከበሩ መጀመሩም ለዚሁ ነው፦ ከባንክ ኃላፊው ቢጀምር የቀረው ሰው ስንተኛ እንደተጠራ ይቆጥር ነበር። አንዷን ትራንዚተርና አንዱን ቡና የሚቆላ ሰው የሚያገናኝ የሥራ ጉዳይ ቢያጣ፣ ሁለቱም በቅርቡ ልጅ መዳራቸውን አነሳ። ሁለቱ እስከ መጨረሻው ሲሳሳቁ አመሹ፤ የድግስ ወጪ ማለቂያ የለውም።

ይህ ዘዴ ለብዙ ሰው አይሆንም። 40 እንግዳ ቢሆን ወደ ሰባት ደቂቃ ይደርሳል፣ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ዓመት ስህተት ይመለሳል። ለዚያ ያህል ሰው አጭር ሰላምታ ብቻ ሰጥቶ፣ እንግዶቹን የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎችን በሰገነቱ ላይ አሰማርቶ እዚያው በቁማቸው ማገናኘት ይሻላል።

ንግግሩ ካለቀ በኋላ ወዳጄ ወደ ምግቡ አልሄደም። አሥር ደቂቃ ያህል ቆሞ ማን ከማን ጋር እንደቆመ ተመለከተ። ሁለቱ የባንክ ሠራተኞች አብረው መጥተው አብረው እንደቆሙ ነበር። አንዱን ክንዱን ይዞ ወደ ቀማሿ ወሰደው፤ አብሯት የተጣመረው እንግዳ ገና አልደረሰም ነበር።

ያ እንግዳ 2 ሰዓት ሊሆን ሲል መጣ። ወዳጄ ከበሩ ሊቀበለው ሲነሳ ጋሼ ቀደሙት። «ናማ ልጄ፣» አሉት፣ «ያ መስኮቱ ሥር ያለው ልጅ የስልክ ካርታ ያውቃል፤ ያቺኛዋ ደግሞ ቡና ስትቀምስ የሚያህላት የለም። አንተስ፣ ምን ይዞሃል?»