አራት ገጽ ወደ አንድ ገጽ ሲወርድ

በዋሽንግተን ከተማና በዙሪያዋ በሚገኙት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሰፈሮች፣ ከአገር ቤት አዲስ ለሚመጡ ወገኖች የሥራ ማመልከቻቸውን ማሰናዳት ሙያዬ እንደ መሆኑ መጠን፣ በእጄ የሚገባው ሲቪ ባለቤቱ መሐንዲስም ሆነ ነርስ፣ የባንክ ሠራተኛም ሆነ መምህር፣ መልኩ አንድ መሆኑን ዘወትር አስተውላለሁ። በራስጌው ጉርድ ፎቶግራፍ ተለጥፏል፤ ከዚያ በታች የትውልድ ዘመንና ስፍራ፣ ጾታ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ አልፎ አልፎም ሃይማኖት ተዘርዝሯል፤ ትምህርቱ ከአንደኛ ደረጃ ተነሥቶ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በኩል አድርጎ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይወጣል፤ የቋንቋ ችሎታ በሠንጠረዥ፣ መስማት፣ መናገር፣ ማንበብና መጻፍ እየተባለ ለየብቻው ይለካል፤ በመጨረሻም የሦስት ምስክሮች ስምና ስልክ ከተጻፈ በኋላ፣ ከዚህ በላይ የሰፈረው ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ የሚል ቃል ከነፊርማው ይታተምበታል።

ይህን ወረቀት አይተው የሚሥቁ ወጣት አማካሪዎች አጋጥመውኛል፤ እኔ ግን ሣቃቸውን አልጋራም። የአገራችን ሲቪ በተፈጥሮው የምስክርነት ሰነድ ነው። የክፍት ሥራ ማስታወቂያው ራሱ አመልካቹ ዋናውን ማስረጃ ከማይመለስ ፎቶ ኮፒ ጋር ይዞ እንዲቀርብ የሚያዝዝ ሲሆን፣ የሰው ኃይል አስተዳደሩ ሠራተኛም በመጀመሪያ የሚመረምረው ሰውዬው ማን እንደ ሆነና ወረቀቱ የተሟላ መሆን አለመሆኑን ነው። ለእንዲህ ያለው መርማሪ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ መዘርዘር ሞኝነት ሳይሆን ጥንቃቄ ነው። የአሜሪካው ቀጣሪ ግን ሬዙሜ ሲቀበል ማንነትን የማጣራቱን ሥራ ለኋላ ያቆየዋል፤ በዚህ ሰዓት የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም፣ ባስታወቅሁት ሥራ ላይ ይህ ሰው ከዚህ በፊት ምን ሠርቶ ምን አስገኘ የሚለው ነው። ለዚህ መልስ የማይሰጥ መስመር ሁሉ፣ እውነት ቢሆንም፣ ቦታ ከመያዝ በቀር ጥቅም የለውም። የሥራ ዘመኑ ከዐሥር ዓመት ላልበለጠ ሰው አንድ ገጽ ይበቃል፤ ለበለጠው ሁለት ገጽ ይፈቀዳል፤ በዩኒቨርሲቲ ለማስተማርና ለምርምር የሚያመለክት ብቻ ረጅሙን ዝርዝር እንደያዘ ይቀርባል።

ፎቶግራፉንና የግል ሁኔታውን ስለ ማውጣት ብዙዎች ምክንያቱን ሳይጠይቁ እሺ ይሉኛል፤ ምክንያቱን ማወቅ ግን ይጠቅማል። በአሜሪካ በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በጾታና በትውልድ አገር ምክንያት በቅጥር ማዳላትን ከልክሏል፤ በ1967 የወጣው ሌላው ሕግ ደግሞ ዕድሜያቸው 40 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑትን ይጠብቃል። ቀጣሪው ፎቶግራፍና የልደት ዘመን የያዘ ማመልከቻ ተቀብሎ አመልካቹን ባይቀጥረው፣ ያየሁት ሥራውን እንጂ መልኩን አይደለም ብሎ ማስረዳት ይቸግረዋልና፣ ብዙ መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ያለውን ወረቀት እንዳይደርሳቸው ይመርጣሉ። ይህ ሥርዓት ግን የውጭ አገር ሁሉ ሥርዓት አይደለም። በጀርመን በ2006 ከወጣው የእኩልነት ሕግ ወዲህ ፎቶግራፍ ማያያዝ ግዴታ ባይሆንም ልማዱ አልጠፋም፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ፎቶግራፍ፣ ዜግነትና የቪዛ ሁኔታ ዛሬም በሲቪ ላይ ይጻፋሉ። ስለዚህ ለዱባይ የተሰናዳውን ወደ ቨርጂኒያ፣ ለቨርጂኒያ የተሰናዳውንም ወደ ዱባይ እንዳለ መላክ አይገባም።

እስከዚህ ያለው የመቀስ ሥራ ነው፤ ከአንድ ምሽት አያልፍም። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ይህንም በአዲስ አበባ በአንድ አስመጪ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ሆና ሰባት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ባገለገለች እኅታችን ወረቀት ላስረዳ።

ሲቪዋን ስመለከት በመጀመሪያ ያስደነገጠኝ የዘመኑ አቆጣጠር ነበር። ዲግሪዋ የፈረንጅ ቀን ስለ ያዘ ትምህርቷን በሐምሌ 2016 እንደ ጨረሰች ጻፈች፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤዋ ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ በመሆኑ፣ ከጥቅምት 2009 እስከ ሰኔ 2016 ሠራሁ ብላ እንዳለ ገለበጠችው። እኛ ይገባናል፤ አሜሪካዊው አንባቢ ግን የሚያየው፣ ዲግሪ ሳይኖራት ሰባት ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ የሆነችና፣ ዲግሪዋን በያዘችበት ወር ገደማ ሥራ ትታ ከዚያ ወዲህ ያለ ሥራ የተቀመጠች ሴት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ጥቅምት 2016 ገብታ ሰኔ 2024 እንደ ለቀቀች ሲታረም፣ ያ የሌለ ክፍተት ሁሉ ጠፋ። አንድ ሲቪ በሁለት ዘመን መጻፉን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ፣ ዓመቶቹን ብቻ በተርታ አውጥቶ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ዝላይ እንዳለ መፈለግ ነው።

ቀጥሎ የሥራ ዝርዝሯ ተነበበ። «የባንክ ማስታረቂያ ማዘጋጀት፣ የደመወዝ መክፈያ ማዘጋጀት፣ ወርኃዊ ሪፖርት ማቅረብ፣ እንዲሁም በቅርብ ኃላፊዋ የሚሰጧትን ሌሎች ተግባራት ማከናወን» ይላል። ይህ ከመሥሪያ ቤቱ የሥራ መደብ መዘርዝር ቃል በቃል የተወሰደ ስለ ሆነ፣ በዚያ ወንበር ላይ ማንም ቢቀመጥበት አንድ ነው፤ እርስዋን የሚለይ ነገር የለበትም። ስለዚህ ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጌ መጠየቅ ጀመርሁ።

«ስንት የባንክ ሒሳብ ነበራችሁ?»

«አራት።»

«ስትገቢ በምን ሁኔታ አገኘሻቸው?»

«ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ሳያስረክብ ሄዶ ስለ ነበር የሰባት ወር ውዝፍ ነበረባቸው፤ እኔና ገንዘብ ያዧ አምስት ወር ያህል አምሽተን ጨረስነው።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ይዘጋ ነበር። ኦዲተሩ በፊት በሪፖርቱ ላይ እንደ ጉድለት ጽፎብን ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን አላነሣውም።»

እነሆ፣ በሁለት ቃል «ማስታረቂያ ማዘጋጀት» ተብሎ የተዘጋው በር ሲከፈት በውስጡ ይህን ያህል ነገር ነበረ። የጻፍነውም መስመር በአማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «ከገንዘብ ያዥ ጋር በመተባበር የአራት የባንክ ሒሳቦችን የሰባት ወር ውዝፍ በአምስት ወር አስታረቀች፤ ከዚያም በየወሩ እስከ አምስተኛው ቀን እንዲዘጋ በማድረግ፣ በኦዲት ሪፖርት የተመዘገበው ጉድለት በተከታዩ ዓመት እንዳይደገም አደረገች።» እንግሊዝኛው ያለ ባለቤት ተውላጠ ስም በቀጥታ በግሡ ይጀምራል፤ አሠራሩ፣ ብዛቱና ውጤቱም በአንድ ወይም በሁለት መስመር ያልቃል።

ጽሑፉን ሳነብላት ግን ፊቷ ጨፈገገ። «ጋሼ፣ ይህማ ውዳሴ ከንቱ ሆነ እኮ» አለችኝ። ይህን ቃል ከብዙዎች ሰምቼዋለሁ፤ ግብዝነት እንዳይደለም አውቃለሁ። ራሱን የሚያመሰግን ሰው በሚነቀፍበት፣ የሥራው ፍሬ ለአለቃውና ለባልደረቦቹ በሚሰጥበት አገር ያደገ ኅሊና፣ በአንድ ቀን «እኔ አደረግሁ» ማለትን አይማርም። ዳሩ ግን በዚያ መስመር ውስጥ ጎበዝ፣ ታታሪ፣ ምስጉን የሚል አንድም ቅጽል የለም፤ ያለው የሆነው ነገር ብቻ ነው፤ ገንዘብ ያዧም ድርሻዋን አላጣችም። እንዲያውም «ታታሪና ታማኝ ሠራተኛ» የሚለውን ከአሮጌው ሲቪ ራስ ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ውዳሴስ እሱ ነበረ።

ይህን ትምህርት በተቃራኒው የሚያጣምሙት ደግሞ አሉ። ቁጥር ያስፈልጋል ሲባሉ «ወጪን በ30 በመቶ ቀነስሁ» የሚል ከሌላ ሰው ሬዙሜ ገልብጠው ይመጣሉ። እኔ ከየትኛው ወጪ ላይ፣ ከምን ያህል ወደ ምን ያህል ብዬ ስጠይቅ ዝም የሚሉ ከሆነ መስመሩን እሰርዘዋለሁ፤ ቃለ መጠይቅ የሚያደርገው ሰው ይህንኑ ጥያቄ መጠየቁ አይቀርምና። በትክክል የማይታወሰው ቁጥር «ገደማ» ተብሎ ቢጻፍ ነውር የለበትም፤ ያልነበረ ግን አይጻፍም። ውጤቱ የማይለካ ሥራም እንደ ነበረው በግልጽ ቢቀመጥ ይሻላል፤ ሁሉም መስመር ድል ሊሆን አይችልም።

እኅታችን የድርጅቱን ዓመታዊ ሽያጭ በብር ለመጻፍ ፈልጋ ነበር፤ መከርኋት፣ ተወችው። ብሩን አንባቢው አያውቀውም፤ ወደ ዶላር ቢመነዘርም፣ በሐምሌ 2024 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የትናንቱ ብዙ የነበረው ዛሬ ጥቂት መስሎ ይታያል። በዚያ ፈንታ የስድሳ ሠራተኞችን ደመወዝ በየወሩ ታዘጋጅ እንደ ነበር ጻፍን፤ የሰው ብዛት ምንዛሪ አያስፈልገውም። ፒችትሪ በመባል የምታውቀው የሒሳብ ፕሮግራምም እዚህ ስሙ ተለውጦ ሴጅ 50 ስለ ተባለ፣ ሁለቱንም ስሞች ጎን ለጎን አስገባን፤ ብዙ ቀጣሪዎች ማመልከቻውን በመጀመሪያ የሚያስነብቡት ለኮምፒዩተር ፕሮግራም ሲሆን፣ እርሱም በማስታወቂያው ላይ ያሉትን ቃላት ይፈልጋልና። በሠንጠረዥ ውስጥ የተጻፈውን ይኸው ፕሮግራም አንዳንድ ጊዜ አዛብቶ ስለሚያነብ የቋንቋው ሠንጠረዥ ወደ አንድ ተራ መስመር ወረደ። ምስክሮቹና ፊርማው ወጡ፤ ምስክር በኋላ ሲጠየቅ ይሰጣል። ሴትዮዋም ከአንድ ገጽ ጋር ወደ ቤቷ ሄደች።

አገር ለመልቀቅ የምትሰናዱ አንባቢዎቼ ሆይ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁን ከማኅተሙ ጋር ስትቀበሉ፣ በዚያው ሳምንት በአንድ ደብተር ላይ ስንት ሒሳብ፣ ስንት ሕሙማን፣ ስንት ተማሪ፣ ስንት ፕሮጀክት በእጃችሁ እንዳለፈ፣ ስትገቡ ምን እንዳገኛችሁና ስትወጡ ምን እንደ ተዋችሁ ጻፉ። የመሥሪያ ቤቱን ምሥጢርና ወረቀት ይዛችሁ አትውጡ፤ ብዛቱን ብቻ መዝግቡ። ከሁለት ዓመት በኋላ እዚህ ከፊቴ ተቀምጣችሁ ስጠይቃችሁ፣ አዲስ አበባ ደውላችሁ የሚያስታውስላችሁ ባልደረባ ላታገኙ ትችላላችሁ።