የሩጫ ሰዓት ወደ ዓባይ ሲወርድ

ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወስደው መንገድ ሯጩን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ያወርደዋል። አንድ ሰው ያን ቁልቁለት ለአንድ ሰዓት ቢሮጥ፣ እጁ ላይ ያሰረው ሰዓት ልምምዱን ቀላል ብሎ ይመዘግበዋል፤ እስከ ነገ ጠዋት ታገግማለህ ይለዋል። በማግስቱ ጭኑ ተይዞ ከአልጋ መነሳት ይከብደዋል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ቀን ነው።

ሰዓቱ አልተበላሸም። የሩጫ ሰዓት በቀጥታ የሚለካው ጥቂት ነገር ነው፤ ከቆዳ ሥር በሚያልፈው ደም ላይ ብርሃን እያበራ የልብ ምትን ይቆጥራል፣ በጂፒኤስ ደግሞ ፍጥነትንና ርቀትን ያሰላል። "ጭነት" የሚባለው ቁጥር በዋናነት የሚመጣው ልብ ምን ያህል ጊዜ፣ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደመታ ከሚያሳይ ስሌት ነው። ጋርሚን የሚጠቀምበትን ስሌት የሠራው ፈርስትቢት የተባለ የፊንላንድ ኩባንያ ሲሆን፣ ጋርሚን በ2020 ገዝቶታል። ቁልቁለት ላይ ሰውነት ራሱን ወደፊት ለመግፋት ብዙ ኦክስጅን አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ልብ ረጋ ብሎ ይመታል። ጭን ግን በእያንዳንዱ እርምጃ እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛል፤ ጡንቻን የሚጎዳው ይኸው ነው። ይህን ጉዳት የልብ ምት አይናገርም።

ሰዓቱ የማያየው ሥራ ሌላም አለ። ጠዋት ሮጦ ቀኑን ሙሉ ሲያጭድ ወይም ሸክም ይዞ ዳገት ሲወጣ የዋለ ሰው፣ የድካሙ ትልቁ ክፍል ልምምድ ተብሎ አይመዘገብለትም። አንዱን ሰዓት ሁለት ጓደኛሞች እየተዋዋሱ ከሮጡበትማ፣ ሰዓቱ የሚያሳየው የሰባት ቀኑና የአራት ሳምንቱ የጭነት ንጽጽር የማንኛቸውም አይደለም።

"ቪኦቱ ማክስ" የሚለው የብቃት ግምት ሌላ ችግር አለበት። ሰዓቱ በዚህ ፍጥነት ስትሮጥ ልብህ ከጣሪያው ስንት በመቶ ላይ ደረሰ ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያ ተነስቶ ሰውነት በደቂቃ ሊጠቀምበት የሚችለውን ኦክስጅን ይገምታል። ሁሉ ነገር የሚንጠለጠለው በዚያ ጣሪያ ላይ ነው። ባለቤቱ ካልቀየረው በቀር ጣሪያው ብዙውን ጊዜ 220 ሲቀነስ ዕድሜ ነው። የ25 ዓመት ሯጭ 195 ይሰጠዋል ማለት ነው። እውነተኛ ጣሪያው 183 ቢሆንስ? በ150 ምት ሲሮጥ ሰዓቱ 77 በመቶ ላይ ነህ ይለዋል፤ እሱ ግን 82 በመቶ ላይ ነው። ብቃቱ ተጋኖ፣ ጭነቱ አንሶ ይታያል። ከዕድሜ ቀመሩ በአሥር ምት የሚርቅ ሰው ብርቅ አይደለም፤ ስለዚህ ረዥም ዳገት ላይ እስከ መጨረሻው ተገፍቶ የታየውን ከፍተኛ ምት ማስገባት ይሻላል።

ከፍታው ሲጨመር ነገሩ ይወሳሰባል። መካነ ሰላም ባለችበት 2,600 ሜትር ገደማ ላይ እያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ከዋሽንግተን ለዘመድ ጥየቃ የመጣ፣ እዚያ ቪኦቱ ማክሱ 60 ይታይለት የነበረ ሯጭ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ 52 ቢወርድበት ሊደነግጥ አይገባም። እግሩ አልደከመም፤ በዚያው ፍጥነት ልቡ ከፍ ብሎ ስለሚመታ ነው። አንዳንድ ሰዓቶች ከፍታውን አይተው ግምቱን ያስተካክላሉ፤ ሁሉም ግን አያደርጉትም። ኮረኮንቹና ጭቃው ፍጥነት ሲቀንሱበት ደግሞ ሰዓቱ ያንንም ከሯጩ ድክመት ይቆጥረዋል።

የማገገሚያ ነጥብ በአብዛኛው የሌሊት ወሬ ነው፤ በእንቅልፍ ሰዓት የልብ ምት ምን ያህል እንደረጋና በምቶች መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ያያል። እነዚህን የሚያዛባው ሩጫ ብቻ አይደለም። አምሽቶ የተበላ ከባድ ራት፣ ጠላ፣ የጉንፋን ጅማሬ፣ የረመዳን ሌሊት መነሳት፣ ሁሉም ነጥቡን ያወርዱታል። አንድ ቀይ ጠዋት ብዙ አይናገርም። ባልታወቀ ምክንያት ሦስት አራት ቀን ተከታትሎ ከወረደና ጠዋት አልጋ ላይ የሚቆጠረው ምትም ከወትሮው ከፍ ካለ ግን፣ ጠንካራውን ልምምድ ማስተላለፍ ተገቢ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሰዓቱ ምቱን በትክክል ካነበበ ነው። በደጋው ብርድ ማለዳ የእጅ ቆዳ ደም ይርቀዋል፤ ያኔ ሰዓቱ የልብን ምት ትቶ የእርምጃን ምት ሊይዝ ይችላል። በሶምሶማ ላይ ድንገት 175 ላይ ቆሞ የማይነቃነቅ ቁጥር ከታየ፣ እርምጃ እየቆጠረ መሆኑ ይጠረጠራል። ቆም ብሎ፣ አንገት ላይ ሁለት ጣት አድርጎ ወዲያውኑ 15 ሰከንድ መቁጠርና በአራት ማባዛት ነው። ጣቱ 140 ብሎ ሰዓቱ ገና ሲሮጡ 175 ይል ከነበረ፣ የዚያ ቀን ጭነትም ብቃትም አይቆጠርም፤ ማሰሪያውን ከእጅ አንጓው አጥንት ከፍ አድርጎ አጥብቆ፣ ከእጅጌ ሥር አሙቆ መጀመር፣ ካልሆነም ደረት ላይ የሚታሰረውን መለኪያ መጠቀም ነው።