ኩሽኔታው ላይ ያለው ቁጥር እንዴት ተጻፈ?

ሶማሌ ተራ ገብቶ ኩሽኔታ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ካርቶኑን ነው፤ ቀጥሎ ቀለበቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ። ካርቶን ማንም ማሳተም ይችላል። ቀለበቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ብረቱ ምን ምን ሥራ እንዳለፈበት ይዞ ስለሚቀር በቅርብ ከተነሣ ፎቶ ብዙ ነገር ይነበብበታል። 6204 የሚለውን ቁጥር እንውሰድ። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች በ5 ሲባዙ የውስጥ ቀዳዳውን ስፋት ይሰጣሉ፤ 20 ሚሊሜትር ማለት ነው። ይህ የቁጥሩ ትርጉም ነው። እዚህ የምንፈልገው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ቁጥሩ በሌዘር ተጻፈ፣ በቀለም ታተመ ወይስ ተመትቶ ገባ?

ይህን ለመለየት ፊደሉን ብቻ ማየት አይበቃም። ፊደሉ ያረፈበትን ሜዳ ማየት ያስፈልጋል። የኩሽኔታ ቀለበት መጀመሪያ በቶርኖ ቅርጹን ይይዛል። ከዚያ ከ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሞቆ ዘይት ውስጥ በመግባት ይጠነክራል። በመጨረሻ ጎኑ በማለስለሻ ድንጋይ ይስተካከላል፤ ድንጋዩም እጅግ ቀጫጭን ጭረቶች ትቶ ያልፋል። በዓይን ሲታይ የሚያብረቀርቅ ልሙጥ ብረት ነው፤ በቅርብ በተነሣ ፎቶ ላይ ግን ጭረቶቹ እንደ መስመር ተደርድረው ይታያሉ። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፦ ከጭረቱና ከፊደሉ የትኛው ቀደመ? ጭረቱ ፊደሉ ጋ ሲደርስ ምን ይሆናል?

ቀለም ከሆነ ጭረቱ ከሥር አለ። ቀለሙ ስስ በሆነበት ቦታ መስመሮቹ አሳልፈው ይታያሉ። የፊደሉም ጠርዝ ቀጥ ያለ አይሆንም፤ ቀለሙ ፈሳሽ ሳለ በጭረቶቹ ቦይ ትንሽ ትንሽ ስለሚፈስ ጠርዙ በጭረቱ አቅጣጫ ይሾላል። በቀለም መርጫ ማሽን የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ፊደሉ ከክብ ነጠብጣቦች የተሠራ ነው፤ ከዋናው መስመር ውጭም የተፈናጠሩ ደቃቅ ጠብታዎች ይገኛሉ።

ተመትቶ የገባ ፊደል ሌላ ነው። ብረቱ አልተቀነሰም፤ ተገፍቷል። ሊጥን በአውራ ጣት ሲጫኑት ዙሪያው እንደሚያብጥ ሁሉ የተመታ ብረትም በፊደሉ ዳርና ዳር ከንፈር ያወጣል። ከንፈሩ ለስላሳና አብረቅራቂ ነው፤ የጉድጓዱም ወለል የመምቻውን ፊት ስለሚቀዳ ልሙጥ ይሆናል። መምቻው ትንሽ ካዘነበለ የፊደሉ አንዱ ጎን ጠለቅ፣ ሌላው ሳሳ ይላል። ይህን በግልጽ የምናየው ለስላሳ ብረት ላይ ነው፤ በእጅ የተመታ የሻንሲ ቁጥር ጥሩ ምሳሌ ነው። ኩሽኔታ ላይ ግን ቁጥሩ የሚመታው ብረቱ ከመጠንከሩ በፊት ስለሆነ፣ በኋላ የሚመጣው ማለስለሻ ድንጋይ ከንፈሩን ጠራርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ ጭረቶቹ የፊደሉ አፋፍ ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ከማዶ ይቀጥላሉ፤ ድንጋዩ ያልደረሰበት የጉድጓዱ ወለል ደግሞ እሳት እንደነካው ደብዘዝ ብሎ ይቀራል። ከጠነከረ በኋላ በዚያ ብረት ላይ ፊደል በምት ማስገባት በጣም ከባድ ነው። ጭረቶቹን ገፍቶ የተነሣ ልሙጥ ከንፈር ያለው ቁጥር ኩሽኔታ ላይ ካገኛችሁ ብረቱ መጠንከሩን ተጠራጠሩ።

ሌዘር ከሁሉም በኋላ ይመጣል። ብረት ላይ የሚጽፈው የተለመደው የፋይበር ሌዘር ያለማቋረጥ የሚፈስ ብርሃን አይደለም፤ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ብልጭ ይላል። እያንዳንዱ ብልጭታ 0.05 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ያላት ክብ ጉድጓድ ይተዋል። ማሽኑ በሰከንድ 20,000 ጊዜ ብልጭ እያለ በሰከንድ 500 ሚሊሜትር ከተጓዘ፣ ከአንዱ ጉድጓድ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል 0.025 ሚሊሜትር ነው። ጉድጓዶቹ ግማሽ በግማሽ ይደራረባሉ፤ የፊደሉ ጠርዝም ቀጥ ያለ ሳይሆን በቅስቶች የተያያዘ ይሆናል። ፍጥነቱ አራት እጥፍ ቢሆን ጉድጓዶቹ ተለያይተው ነጠላ ነጠላ ሆነው ይታዩ ነበር። ጠርዙ ላይ የቀለጠ ብረት ተመልሶ ሲረጋ ሻካራ እብጠት ሊያወጣ ይችላል፤ ይህን ከምት ከንፈር ጋር አታምታቱት። የሌዘሩ እብጠት ደቃቅ ጥራጥሬዎች አሉበት፣ ቀለሙም ተለውጧል፤ ጥራጥሬዎቹ ያረፉትም በጭረቶቹ ላይ ነው። ጨረሩን የሚመሩት መስተዋቶች መስመር ሲጀምሩና ማዕዘን ሲዞሩ ፍጥነታቸው ስለሚቀንስ፣ በደንብ ባልተስተካከለ ማሽን የተጻፈ ፊደል መነሻውና ማዕዘኑ ላይ ከሌላው የጠቆረ ነጥብ ይኖረዋል። ይህን ምልክት ቀለምም ምትም አያመጡትም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሌላው የሌዘር ዓይነት ነው። ሌዘሩ ብረቱን ሳይቆፍር በማሞቅ ብቻ ሊያጠቁረው ይችላል። ሙቀቱ ላዩ ላይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይፈጥራል፤ ጥቁረቱም ከዚያ ይመጣል። ጉድጓድ የለም፣ እብጠት የለም፣ ስለዚህ ቀለም ይመስላል። የሚለየው እንደገና ጭረቱ ነው። ጭረቶቹ በፊደሉ ውስጥ አንድም ሳይደፈኑ፣ አንድም ሳይቋረጡ ቀጥ ብለው ያልፋሉ፤ የተለወጠው መልካቸው ብቻ ነው። ብርሃኑ ሲዘዋወርም ጥቁሩ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ሰማያዊ ሊያደላ ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚታየው ፎቶው በቂ ከሆነ ነው። ስፋቱ 4000 ነጥብ የሆነ የስልክ ፎቶ 100 ሚሊሜትር የሚያህል ቦታ ከያዘ ለአንድ ሚሊሜትር 40 ነጥብ ይደርሳል፤ የሌዘሯ ጉድጓድ 2 ነጥብ ብቻ ሆና ትጠፋለች። ያው ፎቶ 20 ሚሊሜትር ብቻ ሲይዝ ጉድጓዷ 10 ነጥብ ታገኛለች፣ ሌንሱም ጥርት ያለ ከሆነ ትታያለች። ስለዚህ ሙሉውን ኩሽኔታ ሳይሆን ሁለት ሦስት ፊደል አንሡ፤ ስልኩ ላይ የምትለጠፍ ማጉያ ሌንስ ትረዳለች። የስልኩን ፍላሽ አጥፉት፤ ፊት ለፊት የሚመታ ብርሃን ጉድጓዱንም እብጠቱንም ያጠፋል። ክፍሉን አጨልማችሁ የሌላ ስልክ ባትሪ ጠረጴዛው ላይ ዝቅ አድርጋችሁ ከጎን አብሩ፤ ብርሃኑ ብረቱን እየታከከ ይለፍ። አንድ ፎቶ ከግራ እያበራችሁ፣ ሌላ ደግሞ ዕቃውን ሳታንቀሳቅሱ ከቀኝ አንሡ። ሦስተኛውን በነጭ ወረቀት ባለሰለሰ ብርሃን አንሡት፤ እርሱ ለቀለሙ ነው።

ከግራና ከቀኝ ማብራት ያስፈለገው ዓይናችን ብርሃን ሁልጊዜ ከላይ ይመጣል ብሎ ስለሚገምት ነው። ብርሃኑ የመጣበትን ሳናውቅ ጉድጓዱ ጉብታ፣ ጉብታውም ጉድጓድ ሆኖ ሊታየን ይችላል። ከግራ ሲበራ የጉድጓድ ጥላ የሚወድቀው በግራ ግድግዳው ላይ ነው፤ ጉብታ ከሆነ ግን ግራው ይበራል፣ ቀኙ ይጠቁራል። ስለዚህ ሰው የላከላችሁን አንድ ፎቶ ብቻ ይዛችሁ «ይህ ተቆፍሯል» አትበሉ። ስልኩ ራሱ ፎቶውን ለማሳመር በፊደሉ ዙሪያ ነጭ ጠርዝ ይጨምራል፤ ያ ጠርዝ የምት ከንፈር ይመስላል። ብርሃኑ ሲቀየር ነጩ ጠርዝ ቦታውን ካልቀየረ የስልኩ ሥራ ነው።

አሁን አንድ 6204 ይዘን እንሂድ እንበል። ፊደሎቹ ጥቁር ናቸው፤ ሻጩ ሌዘር ነው ብሏል። በለሰለሰው ብርሃን ጥቁረቱ እኩል ነው፣ ጠርዙም ጥርት ያለ ነው፤ እስካሁን ቀለምም ሌዘርም ሊሆን ይችላል። ከግራ ሲበራ በፊደሎቹ ግድግዳ ላይ ጥላ የለም፤ እንግዲያው ጥልቀት የለውም፣ ምት አይደለም። ቀረብ ብለን ስናይ ጭረቶቹ በፊደሉ ውስጥ ሳይደፈኑ ያልፋሉ፤ በሙቀት ያጠቆረ ሌዘር ነው። ሻጩ እውነቱን ነው። ግን ፊደሉ ዙሪያ ያለው ሜዳ ከሌላው የቀለበቱ ክፍል ጋር አይመሳሰልም። በሌላው ቦታ ጭረቶቹ አንድ አቅጣጫ ይዘዋል፤ ከፊደሎቹ ሥር ያሉት ግን ወዲያና ወዲህ ተሻግረዋል። የቀለበቱም ጠርዝ እዚያ ጋ ብቻ ክብ ብሏል። ከቀኝ ሲበራ ከአዲሱ ቁጥር ጎን የሌላ ፊደል ስስ ጥላ ብቅ ይላል። አሮጌው ጽሑፍ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ አዲስ ስም በሌዘር ተጽፎበታል። የጽሑፉ ዓይነት እውነተኛ ሌዘር ነው፤ ዕቃው ግን የሚለውን አይደለም።

ፕላስቲክ ላይ ጭረት ስለሌለ ፊደሉን ከአካሉ ቆዳ ጋር እናወዳድራለን። የመኪና ሪሌ ጥቁር ሽፋን ላይ ያለ ፈዘዝ ያለ ነጭ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ሌዘር ነው፤ ጨረሩ ፕላስቲኩን አፍልቶ ደቃቅ አረፋ ስለሚያደርገው ፊደሉ በትንሹ ከፍ ይላል፣ ላዩም ሻካራና ያለ አብረቅራቂነት ይሆናል። የታተመ ቀለም ግን ልሙጥ ቆዳ አለው፤ የሽፋኑን ጎርባጣ ሸፍኖ ይተኛል፣ አልፎ አልፎም ቀለም ያልደረሰባቸው ደቃቅ ቀዳዳዎች ይታዩበታል። ከቅርጽ ማውጫው አብሮ የወጣ ፊደል ደግሞ ቀለሙም ቆዳውም ከአካሉ ጋር አንድ ነው።

በአልኮል ወይም በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በራሰ ጥጥ መጥረግ ይረዳል፤ ግን መልሱ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚሠራው። ጥጡ ከጠቆረና ፊደሉ ከለቀቀ ቀለም ነው። ካልለቀቀ ሌዘር ነው ማለት አይደለም፤ በሙቀት የደረቀ ቀለም አልኮልን ይቋቋማል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያውን ለብረቱ ብቻ ተጠቀሙበት፤ ብዙውን ፕላስቲክ ያሟሟል። ኩሽኔታ ላይም የጎማ መሸፈኛውን እንዳይነካ ተጠንቀቁ።

የሌዘር ማሽን ዛሬ በትንሽ ሱቅ የሚገኝ ዕቃ ሆኗል፤ ስለዚህ «ሌዘር ነው» የሚለው መልስ ስለ አጻጻፉ እንጂ ስለ ፋብሪካው አይመሰክርም። ፋብሪካውን ለማጣራት ፎቶዎቹን ለራሱ መላክ ይሻላል። ኤስ ኬ ኤፍ ለምሳሌ SKF Authenticate የተባለ የስልክ መተግበሪያ አለው፤ የትኛውን ጎን እንደምታነሡ ይመራችሁና ፎቶዎቹን ለባለሙያዎቹ ያደርሳል። ስትልኩ ከጎን በበራ ብርሃን የተነሡትን ጨምሩ።