ያለ ሳንባ የሚወጡ ድምፆች

ትንፋሽዎን ይያዙ። አየር በአፍም በአፍንጫም አይውጣ፣ አይግባም። እንደያዙ «ቅ፣ ቅ፣ ቅ» ይበሉ። ድምፁ ጎልቶ ይወጣል፤ አጠገብዎ የተቀመጠ ሰውም ይሰማዋል። እንደዚያው ሆነው «አ» ለማለት ቢሞክሩ ግን አንዳች አይሰማም።

ድምፅ እንዲፈጠር አየር መንቀሳቀስ አለበት። በዓለም ላይ ባሉ ቋንቋዎች ሁሉ ዋናው አንቀሳቃሽ ሳንባ ነው። አናባቢዎች በሙሉ፣ እነ «ለ»፣ «መ»፣ «ሰ» እና «ከ»ም የሚወጡት ከሳንባ በሚመጣ አየር ነው። አየሩ አልፎ አልፎ ወደ ውስጥም ይሄዳል፤ አገራችን ውስጥ ብዙ ሰው ንግግር እየሰማ «አዎ» ለማለት ትንፋሹን ሳብ ሲያደርግ የሚሰማው ድምፅ እንዲህ ያለ ነው። ያም ቢሆን የሚሠራው ሳንባ ነው።

«ቅ» ላይ ግን ሳንባ ሥራ ፈትቶ ይቆያል። መጀመሪያ የምላስ ጀርባ ከላንቃው የኋላ ክፍል ጋር ይገጥማል። ወዲያው ማንቁርት ውስጥ ያሉት የድምፅ አውታሮች ጥብቅ ብለው ይዘጋሉ፤ በሁለቱ መዝጊያዎች መካከል ትንሽ አየር ይታሰራል። ቀጥሎ ማንቁርት እንደ ስሪንጅ መግፊያ ወደ ላይ ከፍ ይላል፤ የታሰረው አየር ይታመቃል። ምላስ ሲለቅ አየሩ ፈንድቶ ይወጣል። የድምፅ አውታሮቹ የሚከፈቱት ከዚያ በኋላ ስለሆነ በ«ቅ»ና በሚከተለው አናባቢ መካከል አጭር ጸጥታ አለ። «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ጰ» እና «ጸ»ም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ጣትዎን ማንቁርትዎ ላይ አድርገው «ቅ» ቢሉ እንቅስቃሴው ይሰማዎታል።

አማርኛ የሚማር የውጭ ሰው «ቀዳ» ለማለት ፈልጎ «ከዳ» የሚለው እዚህ ላይ ሲሳሳት ነው። ድምፁን ለማጥበቅ ከሳንባው አብዝቶ ይገፋል፤ የሚወጣለት ግን ብርቱ «ከ» ብቻ ነው። መዳፉን አፉ ፊት ቢያደርግ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ሲመታው ስህተቱን ያውቃል። የሚያስፈልገው ጉልበት መጨመር ሳይሆን ትንፋሹን መዝጋት ነው። የታሰረው አየር እጅግ ጥቂት ስለሆነ በዚህ ዘዴ ረጅም ድምፅ ማውጣት አይቻልም፤ «አ» እምቢ ያለውም ለዚህ ነው።

ማንቁርት ወደ ታችም ይሠራል። ኦሮሞዎች እውነትን «ዹጋ» ሲሉ በመጀመሪያው ድምፅ ላይ የምላስ ጫፍ ወደ ኋላ ቆልመም ብሎ ላንቃን ይዘጋል፤ ማንቁርት ዝቅ ይላል፤ አፍ ውስጥ ያለው አየር ሰፊ ቦታ ስለሚያገኝ ግፊቱ ይቀንሳል። የድምፅ አውታሮቹ ግን እዚህ ጥብቅ ብለው አይዘጉም። ከሳንባ ትንሽ አየር በመካከላቸው እያለፈ ያርገበግባቸዋል፤ ስለዚህ ዸ እንደ «ደ» ጉሮሮ ውስጥ ይነዝራል። ምላስ ሲለቅ ጥቂት አየር ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከሳንባ የሚመጣው ክፍተቱን ስለሚሞላው ምንም አይገባም። ለጆሮ የሚታወቀው ከ«ደ» ይልቅ ወፈርና ዋጥ ያለ መሆኑ ነው። በምዕራብ አፍሪካ ሐውሳ፣ በፓኪስታን ሲንዲ እንዲህ ያሉ ድምፆች አሏቸው።

ሦስተኛው አንቀሳቃሽ ምላስ ራሱ ነው። ስናዝን ከንፈር መጥጠን «ምጽ» የምንለው የዚህ ዘመድ ነው፤ ከሳንባም ከማንቁርትም ምንም አይፈልግም። በአማርኛ ግን «ምጽ» ስሜት መግለጫ ብቻ ነው፤ ቃል ውስጥ ገብቶ አያውቅም። በደቡብ አፍሪካ በኮሳና በዙሉ ግን እንዲህ ያሉ ድምፆች እንደ «በ»ና «ገ» ተራ ተነባቢዎች ናቸው። ምላስ ከፊትና ከኋላ ሁለት ቦታ ይዘጋል፤ መሀሉ ዝቅ ሲል በመካከል ያለው አየር ይሳሳል፤ የፊቱ ሲለቅ አየር ወደ ውስጥ ይምዘገዘግና ጠቅ ይላል። ኮሳ የሚለየው በሚለቅበት ቦታ ነው፦ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ፣ ከላንቃ፣ ወይም በምላስ ጎን። ሚርያም ማኬባ በዓለም ያስተዋወቀችው «ቆንቆትዋኔ» የተሰኘው ዘፈን ሁለተኛው ይበዛበታል።

እነዚህን ከ«ቅ» የሚለይ ቀላል ፈተና አለ። አፍዎን ዘግተው በአፍንጫዎ «ምምም» እያሉ ምላስዎን ጠቅ ያድርጉ፤ እንጉርጉሮው አይቋረጥም። «ቅ» ሲሉ ግን ቀጥ ይላል። በ«ቅ» ጊዜ የትንፋሹ መንገድ ጉሮሮ ላይ ስለሚዘጋ ነው፤ ምላስ ጠቅ ሲል ግን ከኋላው ያለው ጉሮሮና አፍንጫ ነጻ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ቋንቋዎች አንዱ ጠቅታ በአፍንጫ ታጅቦ፣ ነዝሮ፣ ወይም ትንፋሽ ተከትሎት ሲወጣ ሌላ ድምፅ ይሆናል፤ ቃልም ይለያል።

ጠቅታ በደቡብ ብቻ አልቀረም። በታንዛኒያ ሐድዛና ሳንዳዌ ይናገሩታል። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን በኬንያ ጠረፍ፣ በላሙ አካባቢ የሚነገረው ዳሃሎ ነው። ቋንቋው ኩሻዊ ነው፤ የኦሮምኛና የሶማልኛ ዘመድ። ተናጋሪዎቹ ጥቂት መቶዎች ቢሆኑም በሳንባ የሚገፋው፣ እንደ «ቅ» የሚፈነዳው፣ እንደ ዸ የሚዋጠውና ጠቅ የሚለው አራቱም ድምፅ አላቸው። ጠቅታው የሚገኘው በጥቂት አሥሮች ቃላት ውስጥ ብቻ ሲሆን በአፍንጫ የታጀበ ነው። ብዙ ተመራማሪዎች የሚገምቱት የዳሃሎ አባቶች ቀድሞ ባለጠቅታ ሌላ ቋንቋ ይናገሩ እንደነበርና ኩሻዊውን ሲወስዱ እነዚያን ቃላት ይዘው እንደቀሩ ነው።