ለብዙዎች ማስታወቅና ለጥቂቶች ማስረዳት

አንድ አምራች ዕቃውን የሚያስተዋውቅባቸው መንገዶች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው በሬዲዮ፥ በቴሌቪዥንና በጋዜጣ ለሕዝብ በጅምላ ማስታወቅ ነው። ሁለተኛው ገዢ ሊሆኑ የሚችሉ ጥቂት ድርጅቶችን አስቀድሞ መርጦ፥ የየራሳቸውን ችግር አጥንቶ፥ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ማስረጃ ማቅረብ ነው። የሁለቱን ልዩነት በምሳሌ እንመልከት።

የቢራ ጠርሙስ የሚደረደርበትን የፕላስቲክ ሣጥን የሚሠራ አንድ ፋብሪካ አለ እንበል። ገዢዎቹ 8 የቢራ ፋብሪካዎች ብቻ ናቸው። በእያንዳንዱ ፋብሪካ ስለ ግዢው የሚመክሩት 5 ሰዎች ቢሆኑ፥ መልእክቱ ሊደርሳቸው የሚገባው በጠቅላላው 40 ሰዎች ናቸው። ሣጥን ሠሪው 400,000 ብር አውጥቶ በሬዲዮ ቢያስነግር፥ አርባዎቹ ሁሉ ቢሰሙት እንኳ ለእያንዳንዳቸው 10,000 ብር ከፈለ ማለት ነው። የሰሙትም «ሣጥናችን ጠንካራ ነው» ከሚል አይበልጥም።

ያንኑ ገንዘብ ለ4 የተመረጡ ፋብሪካዎች ቢያከፋፍለው ግን ለእያንዳንዱ 100,000 ብር ይደርሳል። በዚህ ገንዘብ በመጀመሪያ ማን ምን እንደሚፈልግ ይመረምራል። የምርት ክፍል ኃላፊውን የሚያስጨንቀው የጠርሙስ መሰበር ነው፤ የሒሳብ ክፍል ኃላፊው ሣጥኑ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ያሰላል፤ የመጋዘን ኃላፊው ሣጥኖቹ ተደራርበው መቆም መቻላቸውን ይመለከታል። ቀጥሎም ጠርሙሱን አንሥቶ በሣጥን ውስጥ የሚደረድረውን መሣሪያ ልክ ይወስዳል፤ ሣጥኑ ከልኩ ጥቂት ቢዛነፍ ጠርሙሱ ይሰበራልና። በመጨረሻም 200 ሣጥኖች ለሙከራ ሰጥቶ፥ ከአንድ ወር በኋላ በአዲሱና በአሮጌው ሣጥን የተሰበረውን ጠርሙስ አነጻጽሮ ለሁሉም ያሳያል።

የዚህ ሥራ ውጤት በሰሚ ብዛት እንደማይለካ ልብ በሉ። ሊጠየቅ የሚገባው፥ «ከአምስቱ ሰዎች ስንቱ አነጋገሩን? ሙከራውንስ ፈቀዱልን? ዋጋ እንድናቀርብ ጠየቁን?» የሚለው ነው። ብዙ ስብሰባ ተደርጎ ማንም ሙከራ ካልጠየቀ፥ የቀረበው ማስረጃ ችግራቸውን አልነካም ማለት ነው። መልስ የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ከሆነም ሥራው አስተማማኝ አይደለም፤ ያ ሰው ወደ ሌላ ቦታ ቢዛወር ድካሙ ሁሉ ከእርሱ ጋር ይሄዳል።

ይሁን እንጂ ይህ መንገድ ለሁሉም ዕቃ አይሆንም። ከአንድ ሳሙና ጥቂት ሳንቲም የሚያተርፍ አምራች፥ እያንዳንዱን ገዢ ቤቱ ድረስ ሄዶ ቢያጠና ይከስራል፤ ለእርሱ የሚበጀው የሬዲዮ ማስታወቂያ ነው። ሣጥን ሠሪውም ቢሆን አስቀድሞ ማስላት አለበት። ከአራቱ ፋብሪካዎች የሚገዛው አንዱ ብቻ ቢሆን፥ ከዚያ ሽያጭ የሚገኘው ትርፍ የአራቱን ወጪ፥ ማለትም 400,000 ብር፥ መሸፈን ይኖርበታል። ትርፉ ከዚህ የሚያንስ ከሆነ፥ ወይ የሚመርጣቸውን ፋብሪካዎች ቁጥር ይቀንስ፥ ወይ ለእያንዳንዱ የሚያወጣውን ገንዘብ ያሳንስ።