ልብሱ የሚናገረው ዘፈኑን ነው

የቆየ የመድረክ ፎቶ ሲገኝ፣ የጎንደር ልብስ የለበሱ ወጣቶች እስክስታ ሲመቱ ከታዩ ወዲያው «ይህማ ፋሲለደስ ኪነት ነው» ይባላል። መላምቱ መነሻ አለው። ፋሲለደስ በደርግ ዘመን የጎንደር ክፍለ ሀገር ስመ ጥር የኪነት ቡድን ነበር። ነገር ግን በዚያው ዘመን የወሎው ላሊበላ ኪነትም፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ ኪነትም፣ የአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶችም የጎንደርን ጭፈራ በጎንደር ልብስ ያቀርቡ ነበር። ፋሲለደስም በተራው የሌላውን አካባቢ ልብስ ለብሶ መድረክ ይወጣል። ተወዛዋዥ በየዘፈኑ መሀል ከመጋረጃ ጀርባ እየሄደ ልብስ ይቀይራል፤ ስለዚህ ልብሱ የሚነግረን በዚያች ደቂቃ የትኛው ዘፈን እየተዘፈነ እንደነበር ነው። ባንዱን ለማወቅ ዓይናችንን ከተወዛዋዡ አንሥተን ከኋላ ወደተቀመጡት፣ ልብስ ለመቀየር ጊዜ ወደሌላቸው ሙዚቀኞች ማዞር አለብን።

ከኋላ ያሉት ሙዚቀኞች አንድ ዓይነት ልብስ ከለበሱ፣ እሱ ከተወዛዋዡ ልብስ ይልቅ ይታመናል፤ ምሽቱን ሙሉ አይቀየርምና። ቀጥሎ የሚታየው የመሣሪያው ስብጥር ነው። መለከትና ትሮምቦን በረድፍ የተሰለፉበት፣ ሁሉም የደንብ ልብስ የለበሱበት ፎቶ ከሆነ መላምታችን ወደ ክብር ዘበኛ፣ ወደ ጦር ሠራዊት ወይም ወደ ፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ያመራል፤ እነዚህ የወታደር ማርሽ ባንድ ልጆች ናቸውና። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ ብቻ ከታዩ የባህል ቡድን ነው። ሁለቱ ተደባልቀው፣ ክራር ከጊታርና ከኪቦርድ ጎን ከቆመ፣ የኪነት ቡድን የመሆኑ ዕድል ይጨምራል። ይህ ግን የቡድኑን ዓይነት እንጂ ስሙን አይሰጥም።

ዘመኑን የሚቆርጥልን ዕቃው ነው፤ እሱም መልኩ በየጊዜው የተለወጠ ዕቃ ሲሆን ብቻ። ራሱ ክብ ወንፊት የሆነው ታዋቂው የሹር ኤስኤም 58 ማይክሮፎን በ1966 እ.ኤ.አ. ገበያ ወጥቶ እስከዛሬ መልኩ ብዙም ስላልተለወጠ፣ ፎቶ ላይ ቢታይ ዘመን ለመለየት እምብዛም አይረዳም። ኪቦርድ ግን ይናገራል። የ1960ዎቹ ኦርጋን እንደ ሣጥን ወፍራም ነው፤ ያማሃ ዲኤክስ 7 ደግሞ ቀጭን ሲሆን ከጥርሶቹ በላይ ከገጹ ጋር የተስተካከሉ ጠፍጣፋ ቁልፎች ተደርድረውበታል። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ቀለማቸው ባይታይም ጠፍጣፋነታቸው ይታያል። ይህ መሣሪያ ለገበያ የቀረበው በ1983 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ በ1975 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ እሱ ያለበት ፎቶ ከዚያ በፊት ሊነሣ አይችልም። ከዚያ ወዲህ በየትኛው ዓመት እንደተነሣ ግን አይነግረንም፤ ዕቃ አገር ቤት ዘግይቶ ይገባል፣ ከገባም በኋላ ለዓመታት ይሠራበታል።

«ፊት እያለ ስለ ዕቃ ምን አስጨነቀን?» የሚል ይኖራል። ፊት ሰውየውን ያሳውቃል፤ ሙዚቀኛ ግን ከባንድ ባንድ ይዘዋወራል። ጆቫኒ ሪኮና ሰላም ሥዩም በአይቤክስ ባንድ ተጫውተዋል፤ በኋላም ሮሃ ባንድን ከመሠረቱት መካከል ናቸው። ሁለቱን አውቀን «አይቤክስ ነው» ብንል ልንሳሳት እንችላለን። ከአጠገባቸው ዲኤክስ 7 ቆሞ ከታየ ግን አይቤክስ ከግምት ይወጣል፤ ኪቦርዱ ሲሠራ የአይቤክስ ዘመን አልፎ ነበርና። ፊቱ ምርጫውን ወደ ሁለት አጠበበው፣ ዕቃው አንዱን ጣለ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፦ ዕቃው የባንዱ ላይሆን ይችላል። ድራሙና ማጉያው የሆቴሉ ወይም የአዳራሹ ሊሆን ይችላል፤ ትልቁ ከበሮ ላይ የተጻፈውም አንዳንዴ የባንዱ ሳይሆን የፋብሪካው ስም ነው። እውነት ነው፤ ስለዚህ መድረክ ላይ ተተክሎ የሚቀረውን ዕቃ ለዘመንና ለቦታ፣ በእጅ የሚያዘውን ሳክስፎን፣ ጊታርና ክራር ደግሞ ለባንዱ ማስረጃ አድርገን እንለያቸው። ይህም የማይፈታው ፎቶ አለ። በ1980 ዓ.ም. ውጭ አገር የዞረው «ሕዝብ ለሕዝብ» ከልዩ ልዩ ቦታ የተውጣጡ ከያንያንን በአንድ መድረክ አሰልፏል፤ እዚያ በተነሣ ፎቶ ላይ አንድ የባንድ ስም መፈለግ ራሱ ስሕተት ነው።

ስለዚህ ከፎቶው ሥር የምንጽፈው ማስረጃው እስከፈቀደው ድረስ ብቻ ይሁን። «የኪነት ቡድን፣ የጎንደር ጭፈራ፣ ከ1975 ዓ.ም. ወዲህ፣ ስሙ ገና ያልታወቀ» የሚል መግለጫ ትክክለኛውን ስም የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ በሩን ክፍት ይተዋል። በግምት የተጻፈ «ፋሲለደስ» ግን እየተቀባበለ ይሄድና፣ አንድ ቀን የሌላው ቡድን አባላት ራሳቸውን በሰው ስም ያገኙታል።