ገመድ አልባ ማውስና ኪቦርድ ሲዘገይ ጉድለቱ ከዕቃው ነውን?

ገመድ አልባ ማውስና ኪቦርድ የሚሸጡ ባለሱቆች ከሚያሰሙት አቤቱታ አንዱ፣ ዕቃው በተሸጠ በሳምንቱ «ይዘገያል» ወይም «ጭራሹን አልታዘዝ አለ» ተብሎ መመለሱ ነው። ባለሱቁ ሌላ ይለውጣል፤ የተመለሰውንም ለአስመጪው ይልካል፤ አስመጪውም ሞክሮ ደኅና ሆኖ ሲያገኘው በዚህ ምክንያት ሦስቱ ወገኖች ይቀያየማሉ። ስለዚህ በአንድ ቡና ላኪ ድርጅት የሒሳብ ክፍል የደረሰውን ለአንባቢዎቻችን መግለጽ ይጠቅማል።

ድርጅቱ የገዛው በአንድ መቀበያ የሚሠሩ አንድ ማውስና አንድ ኪቦርድ ነበር። መቀበያ የምንለው፣ ሰው ሁሉ ሪሲቨር እያለ የሚጠራውን፣ በኮምፒዩተሩ የዩኤስቢ ቀዳዳ የሚሰካውን የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ዕቃ ነው። ጠዋት ጠዋት ያለ እንከን ይሠራል። ከቀትር በኋላ ግን የማውሱ ቀስት እየቆመ ይዘላል፤ ኪቦርዱም አልፎ አልፎ ፊደልና ቁጥር ይውጣል። አንድ ቀን 114,500 ብር ተብሎ የተመታው ሒሳብ በስክሪኑ ላይ 14,500 ሆኖ ተገኘ። ስሕተቱ የታወቀው ወረቀቱ ወደ ባንክ ከመሄዱ በፊት በመሆኑ ጉዳት አልደረሰም፤ ይሁን እንጂ ዕቃው ወዲያውኑ ወደ ሱቁ ተመለሰ። በምትኩ የተሰጠውም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ጊዜ ባለሱቁ ራሱ ሊመለከት ሄደ።

በመጀመሪያ በማውሱም በኪቦርዱም ያሉትን የባትሪ ድንጋዮች በሙሉ በአዲስ ለወጠ። አዲስ አልካላይን ድንጋይ 1.5 ቮልት ገደማ አለው፤ ይህ እየወረደ ሲሄድ ማውሱ ወዲያው ከመጥፋት ይልቅ መዘግየት ሊጀምር ይችላል። ነገር ግን በድንጋዩ መለወጥ ምንም የተሻለ ነገር አልታየም።

ቀጥሎ ጠረጴዛውን ተመለከተ፤ መስተዋት ለብሷል። ማውስ የሚሄድበትን የሚያውቀው ከሥሩ ብርሃን አብርቶ የገጹን ልዩ ልዩ ምልክት በማየት ስለሆነ፣ በጠራ መስተዋት ላይ ብዙው ማውስ እንደ ዕውር ይሆናል። ነጭ ወረቀት ከሥሩ አነጠፈለት፤ አሁንም ለውጥ የለም። በእርግጥ ይህን አስቀድሞ ሊያውቀው ይችል ነበር። ምክንያቱም ገጹ ሲከፋ የሚደናበረው ቀስቱ ብቻ ነው፤ የማውሱ ቁልፍ ሲጫኑት ይታዘዛል፤ ኪቦርዱም አይነካም። እዚህ ግን ሁሉም በአንድነት ስለሚቆሙ፣ ጥርጣሬው ከጠረጴዛው ተነሥቶ መልእክቱ በሚያልፍበት አየር ላይ አረፈ። ኮምፒዩተሩ ራሱ ዘግይቶ እንዳይሆን ባለገመድ ማውስ ሰክቶ ሞከረ፤ ይህኛው በደንብ ሠራ።

ከዚህ በኋላ የሒሳብ ሠራተኛይቱን፣ «ከቀትር በኋላ ምን የሚሰካ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቃት። እርሷም የቀኑን መዝገብ የምትገለብጥበትን ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ አሳየችው። የሚሰካው ከኮምፒዩተሩ በስተኋላ፣ ከመቀበያው ጎን ለጎን ነበር። ዲስኩ ሲነቀል ቀስቱ ተስተካከለ፤ ተሰክቶ መገልበጥ ሲጀምር ደግሞ ይቆም ጀመር።

ምክንያቱ እንግዳ አይደለም። ኢንቴል የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ባወጣው ጽሑፍ ገልጾታል። ዩኤስቢ 3.0 የሚባለው ዓይነት በአንድ ሴኮንድ እስከ 5 ቢሊዮን ምልክት ሲያስተላልፍ፣ ከመሰኪያው፣ ከገመዱና ከዲስኩ የሚወጣው የራዲዮ ሁካታ 2.4 ጊጋሄርትዝን ይጨምራል። የማውሱ መቀበያ የሚያዳምጠውም በዚያው አካባቢ ነው። በሠርግ ከበሮ አጠገብ ተቀምጦ ሹክሹክታ ለመስማት እንደ መሞከር ይቆጠራል። የዚህ ዓይነት ቀዳዳ ውስጡ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ነው፤ ሆኖም ይህን ቀለም ሁሉም ፋብሪካ አይጠብቅም።

ባለሱቁም ግማሽ ሜትር በሚሆን የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ መቀበያውን ከኮምፒዩተሩ ጀርባ አውጥቶ ከኪቦርዱ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ የዲስኩንም ገመድ ወደ ሌላው ወገን አዞረ። ከዚያ በኋላ ዲስኩ እየገለበጠ ሳለ ቁጥር አልጠፋም። ማራዘሚያ ባይገኝ እንኳ መቀበያውን በኮምፒዩተሩ ፊት ለፊት ወዳለው ቀዳዳ ማዛወር ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ የብረቱ ሣጥን በመካከል ሆኖ መልእክቱን መጋረዱም ይቀራል። መቀበያ የሌለው፣ በብሉቱዝ የሚሠራ ማውስ ሲሆን ግን ማራዘሚያው አይጠቅምም፤ የሚርቀው ዲስኩ ነው። ዋይፋይም በ2.4 ጊጋሄርትዝ ሲሠራ ሊያውክ ስለሚችል፣ ዲስክ ሳይኖር የሚዘገይ ከሆነ የዋይፋዩን ሣጥን ከጠረጴዛው ማራቅ ወይም ኮምፒዩተሩን በ5 ጊጋሄርትዝ ማገናኘት ይሞከራል።

ባለሱቁ ወደ ሱቁ ተመልሶ ቀድሞ የተመለሱለትን ሁለት ዕቃዎች ሲሞክር አንደኛው ደኅና ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው ግን ፈጽሞ አልሠራም፤ ሲመረመር ደንበኛው የመለሰው የሌላውን ካርቶን መቀበያ ሆኖ ተገኘ። ብዙዎቹ ርካሽ ማውሶች ከፋብሪካ የሚወጡት ከገዛ መቀበያቸው ጋር ብቻ ተዛምደው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ዕቃ ሲሸጥ በማውሱ ሆድና በመቀበያው ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር በቀለም ይጽፋል።